ሄትሮስኬዳስቲሲቲ በቤተሰብ ፍጆታ ሪግሬሽን

በሪግሬሽን ውስጥ የስህተቱ ቫሪያንስ ለሁሉም ቤተሰብ እኩል ሳይሆን ሲቀር ሄትሮስኬዳስቲሲቲ አለ ይባላል። በፍጆታ ጥናት ይህ የተለመደ ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ያለውን በአብዛኛው ለምግብ ስለሚያውል ወጪው ከግምቱ ብዙም አይርቅም፤ ባለጸጋው ግን ሊያበዛም ሊቆጥብም ይችላል። የመስመሩ ቅርጽ ትክክል እስከሆነ ድረስ ተራው ሊስት ስኩዌርስ (ኦኤልኤስ) የሚሰጠው የገቢ ኮፊሸንት በዚህ ሳቢያ አያዳላም። የሚሳሳተው ስታንዳርድ ኤረሩ ነው።

አመጣጥ

ፕሬይስና ሃውትሃከር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት የቤተሰብ በጀት ጥናት የወጪው መበታተን ከአማካዩ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳይተዋል። ይህን ችግር የሚቋቋመው ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር ግን የማን ነው የሚለው አከራካሪ ነው። ኢኮኖሚስቶች ብዙውን ጊዜ ሃልበርት ዋይት በ1980 ኢኮኖሜትሪካ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይጠሩታል። ሆኖም ፍሪድሄልም አይከር በ1963 እና በ1967፣ ፒተር ሁበርም በ1967 የሐሳቡን መሠረት አስቀድመው ጥለው ነበር፤ ስለዚህ የሦስቱን ስም የሚያያይዙ መጻሕፍት አሉ። የዋይት ድርሻ ቀመሩን ለኢኮኖሚስቶች በሚመች መልክ ከመፈተሻ ጋር ማቅረቡ ይመስላል። በ1985 ዋይት በኦንታሪዮ፣ ኪንግስተን በሚገኘው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረው ጄምስ ማኪነን ጋር ሆኖ ለትንሽ ናሙና የሚሻሉ ቀመሮችን አወጣ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት `HC3` የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

እንዴት ይታወቃል

መጀመሪያ የሪግሬሽኑን ቀሪዎች ከገቢ ጋር በሥዕል ማየት ይበጃል፤ ነጥቦቹ ወደ ቀኝ እየሰፉ ከሄዱ ምልክቱ ግልጽ ነው። ከዚያ የብሩሽና ፔጋን ፈተና (1979) ይከተላል። በኮንከር በተሻሻለው መልኩ የቀሪዎቹ ስኩዌር በገቢ ላይ ሪግሬስ ይደረግና `R²` በናሙናው ብዛት ይባዛል። ውጤቱ ከ3.84 ከበለጠ፣ ቫሪያንሱ እኩል ነው የሚለው ግምት በ5 በመቶ ደረጃ ውድቅ ይሆናል።

የኤንግል መረጃ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤርንስት ኤንግል የተጠቀመበት የ235 የቤልጂየም ሠራተኛ ቤተሰቦች መረጃ በ`R` ውስጥ `engel` በሚል ስም ይገኛል።

```
library(quantreg); library(lmtest); library(sandwich)
data(engel)
m <- lm(foodexp ~ income, data = engel)
bptest(m)
coeftest(m, vcov = vcovHC(m, type = "HC3"))
w <- lm(foodexp ~ income, data = engel, weights = 1/income^2)
```

ኦኤልኤስ የሚሰጠው የገቢ ኮፊሸንት 0.485 ሲሆን ተራው ስታንዳርድ ኤረር 0.014 ነው። ይህ ትክክለኛነት ግን ለእይታ ብቻ ነው። የቤተሰቦቹ አማካይ ገቢ 982 ፍራንክ ገደማ ሆኖ ሳለ አንዱ ቤተሰብ 4,958 ፍራንክ ያገኛል፤ የምግብ ወጪውም ከመስመሩ 726 ፍራንክ ያነሰ ነው። በዋይት ቀመር ይህ ቤተሰብ ብቻውን ስታንዳርድ ኤረሩን ቢያንስ 0.046 ያደርሰዋል፤ በ`HC3` ደግሞ ቢያንስ 0.061። ቤተሰቡ ከመረጃው ቢወጣ ኮፊሸንቱ ወደ 0.547 ገደማ ይወጣል፤ ለውጡ ከተራው ስታንዳርድ ኤረር አራት እጥፍ ይበልጣል። ሮበስቱ የደረሰበትን ጥርጣሬ ተራው ደብቆት ነበር ማለት ነው።

ምርጫው

ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር መስመሩን አይነካም፤ በመስመሩ ላይ ያለንን እምነት ብቻ ያርማል። የቫሪያንሱን ቅርጽ ማወቅ ስለማይጠይቅ ቅርጹ ላልታወቀ ጥናት ይመረጣል። ክብደት የተሰጠው ሊስት ስኩዌርስ ግን መስመሩን ራሱን ይለውጣል። ስህተቱ ከገቢ ጋር በተመጣጣኝ ያድጋል ብለን `1/income^2` ክብደት ብንሰጥ፣ የዚያ ባለ 4,958 ፍራንክ ቤተሰብ ክብደት 884 ፍራንክ ከሚያገኘው መካከለኛ ቤተሰብ ክብደት ወደ አንድ ሠላሳ አንደኛ ይወርዳል። ግምቱ ትክክል ከሆነ ይህ መንገድ ከኦኤልኤስ የጠበበ የመተማመኛ ክልል ይሰጣል፤ ስህተት ከሆነ ደግሞ ስታንዳርድ ኤረሩ ዳግም ያሳስታል። ስለዚህ በክብደት የተሠራውንም ከ`HC3` ጋር ማቅረብ ጥንቃቄ ነው። ሁለቱ መንገዶች በጣም የተራራቁ ኮፊሸንቶች ከሰጡ ጉዳዩ የቫሪያንስ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ግንኙነቱ ቀጥተኛ መስመር አለመሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ ያኔ መታረም ያለበት ሞዴሉ ነው።

ሎጋሪዝም

ሁለቱንም ወገን በሎግ መውሰድ መበታተኑን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ዜሮ ወጪ ላላቸው ቤተሰቦች ግን አይሠራም።

የኢትዮጵያ ጥናቶች

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የቤተሰብ ጥናት መረጃዎች የናሙና ክብደት ዓምድ አላቸው። ይህ ክብደት አንድ ቤተሰብ በአገሪቱ ስንት ቤተሰቦችን እንደሚወክል የሚናገር ነው፤ ስለ ስህተቱ ቫሪያንስ የሚለው ነገር የለም። ሁለቱን ማምታታት በተለይ ጀማሪዎችን ይጥላል። በስታታ የናሙናው ክብደት በ`pweight`፣ የቫሪያንሱ በ`aweight` ይገባል። ቤተሰቦቹም የሚመረጡት ከተመረጡ የቆጠራ ቦታዎች ስለሆነ ጎረቤታሞች በአንድ ድርቅ ወይም በአንድ ገበያ ዋጋ አብረው ይነካሉ። `HC3` ይህን ትስስር አይመለከትም፤ ስታንዳርድ ኤረሩ በቆጠራ ቦታ መሰብሰብ አለበት፤ ለምሳሌ `vce(cluster ea_id)`።