ደሪቬቲቭ፦ የጣና ከፍታና የከፍታው ፍጥነት

«ደሪቬቲቭ»ን «ውልድ» ብንለው ከምን እንደተገኘ እንጂ ምን እንደሚለካ አይነግረንም፤ «የለውጥ ፍጥነት» ይሻላል። ክረምቱ ሲገባደድ ባሕር ዳር ላይ የጣና ውኃ ገና ከፍ ይላል፤ ጭማሪው በየዕለቱ እያነሰ ነው እንጂ። ከፍታው በሴንቲሜትር h = 6t − t² ነው እንበል፤ t በሳምንት ይቆጠራል። ከ2ኛው እስከ 3ኛው ሳምንት 1 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ጊዜውን ከ2 እስከ 2.1 ብናጠበው ጭማሪው 0.19 ለ0.1 ተካፍሎ 1.9 ይሆናል፤ እስከ 2.01 ብናጠበው ደግሞ 1.99። የሚጠጋው ወደ 2 ነው፤ የ2ኛው ሳምንት ደሪቬቲቭ በሳምንት 2 ሴንቲሜትር ማለት ይኸው ነው። በ3ኛው ሳምንት ውኃው ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ፍጥነቱ ግን ዜሮ ነው።

«ፍጥነት የመኪና ነው» የሚል ይኖራል። ሆኖም አማርኛ «ዋጋው በፍጥነት ናረ» ይላል፤ ዋጋ የትም አይጓዝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስታነቡ መጀመሪያ በአማርኛ «የሚጠይቀው ከፍታውን ነው ወይስ ፍጥነቱን?» ብላችሁ ለዩ።