«ሱፊ ነዎት ወይስ ሙስሊም?»

የዛሬው ትንሽ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መኪናዬ መስታወት ላይ የአያቴ ሙስበሃ ተንጠልጥሏል። ባለፈው ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ተሳፋሪዎች ስለ እሱ ጠየቁኝ። አንዷ ፈረንጅ ናት፤ የሩሚን ግጥም በእንግሊዝኛ ትወዳለች። «ሱፊ ነህ ማለት ነው? ደስ ሲል! እሱ እኮ ከእስልምና የተለየ ነገር ነው» አለችኝ። ልታመሰግነኝ ፈልጋ ነው። ሁለተኛው የአገራችን ልጅ ነው፤ ወደ መስጊድ ነበር የማደርሰው። ሙስበሃውን አየት አደረገና «ጋሼ፣ ሱፊ ነዎት ወይስ ሙስሊም?» አለኝ። እሱ ደግሞ ሊመክረኝ ፈልጎ ነው።

ሁለቱ ቢገናኙ በምንም ነገር አይስማሙም ነበር። በዚህች ግን ተስማምተዋል፦ አያቴ ስታደርገው የኖረችው ነገር እስልምና አይደለም። እኔን ደግሞ ነገሩ ቤቴ ድረስ ገብቶብኛል። አምና አያታችን ስታርፍ ወሎ ለሚደረገው ሰደቃ ዘመድ ሁሉ ሲያዋጣ ታናሽ ወንድሜ «መንዙማ የሚባልበት ከሆነ አልከፍልም» ብሎ ቀረ። አራት ወር ተኮራርፈን ከረምን። እኔም በዚያ ንዴት፣ ተሳፋሪ በምጠብቅበት ሰዓት ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ «ሱፊዝም» የሚለው የፈረንጅ ቃል ከየት መጣ? ዓረብኛው «ተሰውፍ» ነው፤ አንድ ሰው የሚሠራው ሥራ፣ የሚሄድበት መንገድ ማለት ነው። «ኢዝም» የተጨመረበት ከ1700ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንግሊዞች እጅ ነው። በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዘመን ካልካታ ውስጥ ዳኛ የነበረው ሰር ዊሊያም ጆንስ የፋርስ ግጥም አነበበና ከሕንዶች ፍልስፍናና ከፕላቶ ጋር አመሳሰለው። ቀጥሎ ወደ ፋርስ በመልእክተኛነት የሄደው ጆን ማልኮም በ1815 የፋርስን ታሪክ አሳተመ። በ1821 ደግሞ ቶሉክ የተባለ ጀርመናዊ በላቲን በጻፈው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሱፊነትን የፋርሶች ፍልስፍና አድርጎ አቀረበው። ለእነዚህ ሰዎች እስልምና ደረቅ ሕግ ነበር። ግጥሙ ደግሞ ለምለም ሆነባቸው፤ ስለዚህ ለምለሙ ከደረቁ ሊወጣ አይችልም ብለው ደመደሙ።

የሚገርመው ማልኮም ከየት እንደቀዳ ነው። ዋነኛ ምንጩ ከሆኑት አንዱ በከርማንሻህ የነበረው የሺዓ ሊቅ አቃ ሙሐመድ ዓሊ ነው። ይህ ሰው «ሱፊ ገዳይ» የሚል ቅጽል የወጣለት፣ ደርቪሾችን ያሳደደና ያስገደለ ነው። ጠላታቸው «ከእስልምና ውጪ ናቸው» ብሎ የከሰሳቸውን፣ እንግሊዙ «ከእስልምና ውጪ መሆናቸው ደስ ይላል» ብሎ ጻፈው። ካርል ኤርንስት የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አመጣጥ በደንብ ዘርዝሮታል። እኔም ሳነበው ሁለቱ ተሳፋሪዎቼ በአንድ መኪና ሲሳፈሩ ታዩኝ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሉዊ ማሲኞን የተባለ ፈረንሳዊ፣ ራሱ ካቶሊክ፣ ሌላ መንገድ ሞከረ። ስለ ሐሳቡ ከመከራከር ይልቅ ቃላቱን ቆጠረ። የጥንቶቹ ሱፊዎች የሚጠቀሙባቸው ቃላት፣ ዚክር፣ ተወኩል፣ ሰብር፣ ሪዳ፣ ከየት መጡ? በ1922 ባወጣው ጥናት መልሱ ግልጽ ነበር፦ በብዛት ከቁርኣን ናቸው፤ ቁርኣንን ሌት ተቀን ከሚደጋግም ሰው አፍ የወጡ ናቸው። ከሕንድ ነው የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ ጉልበት አጣ።

እዚህ ላይ ብቆም ለአያቴ ተሟግቼ ጨረስኩ ማለት ነበር። ነገሩ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም።

«ሱፊነት የእስልምና ውስጠኛው ክፍል ነው» የሚሉት ወገኖች የጂብሪልን ሐዲስ ይጠቅሳሉ፦ ኢስላም፣ ኢማን፣ ኢህሳን። ኢህሳን አላህን እንደምታየው አድርገህ መገዛት ነው፤ ተሰውፍ ደግሞ የዚህ ትምህርት ነው ይላሉ። ጥሩ። ታሪክ ጸሐፊው ግን ይጠይቃል፦ ታዲያ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ውስጣቸውን ለማጽዳት ይደክሙ የነበሩት ሁሉ ሱፊ ይባሉ ነበር? አይባሉም ነበር። አህመት ካራሙስታፋ በ2007 ባወጣው መጽሐፍ እንደሚያሳየው፣ በ800ዎቹ ሱፊ የሚባሉት በተለይ የባግዳድ ሰዎች ናቸው፤ በ910 ያረፉት ጁነይድ ዋናቸው ነበሩ። በዚያው ዘመን ኒሻፑር ከተማ ውስጥ መላመቲያ የሚባሉ ነበሩ። እነዚህ ዒባዳቸውን ከሰው ዓይን የሚደብቁ፣ የሱፊ ልብስ መልበስን ራሱ እንደ ጉራ የሚቆጥሩ ናቸው። የባግዳዱ ስም ሁሉንም የጠቀለላቸው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ ሱፊነት እንቅስቃሴም ነበር፤ ቦታ፣ ዘመንና መሪዎች ነበሩት።

ጭቅጭቁ የሚምታታው እዚህ ጋ ይመስለኛል። «የተለየ እንቅስቃሴ ነው» ማለትና «ከሃይማኖቱ ውጪ ነው» ማለት ሁለት ነገር ነው። አራቱ መዝሀቦችም እኮ ቦታና ዘመን፣ መሪና ተማሪ አላቸው። ሻፊዒይ ነኝ ያለን ሰው «ሻፊዒይ ነህ ወይስ ሙስሊም?» ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ወጣቱን ያስደነገጠው ግን ይሄ አይደለም፤ የኢብኑ ተይሚያ ታሪክ ነው። ዛሬ ሱፊን የሚቃወም ሁሉ ስማቸውን ይጠራል። እውነት ነው፣ በቀብር ላይ ሙታንን መለመንን አጥብቀው አውግዘዋል፤ ኢብኑ ዐረቢንም ተቃውመዋል። ግን እኚሁ ሰው የዐብዱልቃዲር ጀይላኒን «ፉቱህ አል ገይብ» አክብረው ማብራሪያ ጽፈውበታል። ዐብዱልቃዲር ማለት በ1166 ባግዳድ ያረፉት፣ የቃዲሪያ ጠሪቃ በስማቸው የሚጠራው ናቸው፤ እሳቸውም እንደ ኢብኑ ተይሚያ ሐንበሊ ነበሩ። የኢብኑ ተይሚያ ዋና ተማሪ ኢብኑል ቀይም ደግሞ «መዳሪጅ አስ ሳሊኪን» የሚለውን ትልቅ መጽሐፍ የጻፉት የሄራቱን ሱፊ የአንሷሪን አጭር ኪታብ ለማብራራት ነው። እንዲያውም ጆርጅ መቅዲሲ የተባለ ምሁር በ1973 ኢብኑ ተይሚያ ራሳቸው የቃዲሪያ ሰው ነበሩ ብሎ ጽፏል። ይህን ሌሎች ምሁራን ስላልተቀበሉት እኔም አልሙጎትበትም። በ1328 ደማስቆ ሲሞቱ የተቀበሩበት ቦታ ግን አያከራክርም፤ የሱፊዎች መቃብር ይባል ነበር።

ማለትም እሳቸው የተጣሉት ከቤቱ ውስጥ ሆነው ነው። «ይህ ሥራ ትክክል ነው፣ ያኛው ስሕተት ነው» እያሉ አንድ በአንድ ይለያሉ። «ሱፊ» የሚል አንድ ከረጢት ሰፍተው ሁሉን እዚያ አልከተቱም።

አሁን ወደ ወሎ። በ1952 ስፔንሰር ትሪሚንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ስለ ኢትዮጵያ እስልምና አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ለረጅም ጊዜ ሁሉም እሱን ይጠቅስ ነበር። በ1971 ደግሞ ስለ ጠሪቃዎች ባወጣው መጽሐፍ ታሪካቸውን በሦስት ደረጃ ከፈለው፦ መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች አንድ መምህር ዙሪያ፣ ቀጥሎ የትምህርት መስመር፣ በመጨረሻ ቀብርና በረካ ላይ የቆመ ሕዝባዊ ማኅበር። ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ነው፤ የእኛ አያቶች መጨረሻው ላይ ናቸው ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ይህን አመለካከት ሞገቱ። በ2001 በታተመው ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ በጻፉት መጽሐፋቸው የሸሆቹን ታሪክ ከየመንደሩ ሰብስበው ሲያቀርቡ፣ «የሱፊው ሸህ» እና «የሸሪዓው ዓሊም» ሁለት ሰው ሆነው አልተገኙም። አንድ ሰው ናቸው። የጀማ ንጉሡን ሸህ ሙሐመድ ሻፊን ውሰዱ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ያረፉ የቃዲሪያ ሸህ ናቸው፤ የጀማ ንጉሥ መውሊድ ከእሳቸው ጋር ተያይዞ ይነሳል። ግን ደረሳ ሰብስበው ዒልም ያስተማሩ፣ ሸሪዓ እንዲጠበቅ የታገሉም እሳቸው ናቸው። ደረሳው ጠዋት ፊቅህና ነህው ቀርቶ ማታ እዚያው ግቢ ዚክር ላይ ይቀመጣል። ታዲያ የቱ ላይ ነው አጥሩ?

ማኅበሩ ማኅበር ሆኖ የሠራበት ጊዜም አለ። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አጼ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሥ ሲሉ፣ ሸህ ጦልሃ ሰው አስከትለው ተዋግተዋል። ሰው የሚሰበሰበው በሸህና በሙሪድ ትስስር ነበር። ይህ እንቅስቃሴ ካልተባለ ምን ይባላል?

ለወንድሜ ደግሞ እውነቱን ልስጠው። በወዳጃ ስም የቆሌና የአድባር ነገር የሚቀላቀልበት ቤት አለ፤ ልጆች ሆነን ሁለታችንም አይተናል። አያታችን ቤት ምን እንደነበር ግን እሱም ያውቃል። ሱብሂ ትሰግዳለች፣ ከዚያ መቶ ኢስቲግፋር፣ መቶ ሰለዋት፣ መቶ ላ ኢላሀ ኢለላህ። አንድም ቀን ውርዷ ሶላቷን አስቀርቷት አያውቅም። እኔ መለኪያ ይሆናል ብዬ የማስበው ይህን ነው፦ ዚክሩ በሶላቱ ላይ ተጨመረ ወይስ ሶላቱን ተካ? ቁሹይሪ የሚባሉት የኒሻፑር ሊቅ በ1045 ገደማ «ሪሳላ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ሲጽፉም የከነከናቸው ይኸው ነው፤ ሱፊ ነን እያሉ ሸሪዓን የናቁ ሰዎች በዝተውባቸው ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን የጀመሩት በተውሒድ እምነት ነው።

ልጁን መስጊዱ በር ላይ ሳወርደው አልተከራከረም። «ጋሼ፣ የኢብኑል ቀይም ኪታብ ስሙ ማን ነበር ያሉኝ?» ብሎ ስልኩ ላይ ጻፈው። የዚያኑ ሌሊት ለወንድሜም ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ስለ መውሊድ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን፤ እሱ ቢድዓ ነው እንዳለ ነው፣ እኔም ከአቋሜ አልተነሣሁም። አያታችን ሙስሊም ነበረች ወይ የሚለውን ግን አላነሣውም። ስንጨርስ ለሰደቃው የሚሆን ብር ልኬያለሁ አለ፤ «ለምግቡ ብቻ ነው፣ ለመንዙማው አይደለም» የሚል ማስታወሻ ጽፎበት።