የማያቋርጥ የድምፅና የጭስ ሁከት፦ ካሳ የሚጠየቀው መቼ ነው? እግድስ?

ከጎረቤት ይዞታ የሚነሣ ድምፅ፣ ጭስ ወይም መጥፎ ሽታ ኑሮውን ያወከበት ሰው ለፍርድ ቤት ሁለት ዓይነት ዳኝነት ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛው ለደረሰው ጉዳት የገንዘብ ካሳ እንዲከፈለው ነው። ሁለተኛው ድርጊቱ እንዲቆም ትእዛዝ እንዲሰጥለት ነው። ሁለቱ የሚያገለግሉት ለተለያየ ዓላማ በመሆኑ ባለጉዳዩ ክሱን ከማዘጋጀቱ በፊት ልዩነታቸውን መረዳት ይኖርበታል።

ሁከት የሚባለው ምንድን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ወሰኑ ታልፏል ወይስ አልታለፈም የሚለው የሚመዘነው የአካባቢውን ልማድ እንዲሁም የቦታውን አቀማመጥና ጠባይ በማየት ነው። ስለዚህ በገበያ መካከል የማያስከስስ ድምፅ በመኖሪያ መንደር ሊያስከስስ ይችላል።

ገንዘብ የማይበቃው መቼ ነው?

ካሳ ያለፈውን ጉዳት ይተካል እንጂ የነገውን አያስቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2121 ፍርድ ቤት አንድን ጎጂ ድርጊት ለማገድ ሁለት ነገሮችን እንዲያረጋግጥ ያዛል። የመጀመሪያው ድርጊቱ እንደሚፈጸም ወይም እንደሚቀጥል የሚያሳምን በቂ ምክንያት መኖሩ ነው። ሁለተኛው የሚያሰጋው ጉዳት በገንዘብ ካሳ ሊጠገን የማይችል መሆኑ ነው። ድርጊቱ ካቆመና የመመለስ ምልክት ከሌለው፣ ወይም ጉዳቱ በደረሰኝ ተሰልቶ የሚያልቅ ከሆነ ተገቢው መፍትሔ ካሳ ነው።

ባለይዞታ የሆነ ሰው ሌላም መንገድ አለው። በቁጥር 1149 መሠረት በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲከፈለው በአንድ ክስ መጠየቅ ይችላል። ተከሳሹ ለድርጊቱ መብት ያለው መሆኑን ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ በስተቀር ፍርድ ቤቱ ሁከቱ እንዲወገድ ያዛል። ይህ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ሁከቱ ገና እየቀጠለ ነው በማለት ጊዜ ማሳለፍ ለክርክር ያጋልጣል።

ምሳሌ

በመኖሪያ መንደር ውስጥ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ተከፈተ እንበል። ሞተሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይሠራል። የጭስ ማውጫው ዝቅ ብሎ ወደ ጎረቤት መስኮት ዞሯል። በዚያ ቤት የሚኖር የአስም ሕመምተኛ ልጅ በተደጋጋሚ ታክሟል፤ የቤቱ ግድግዳም በጥላሸት ጠቁሯል።

በዚህ ጉዳይ የሕክምናውና የግድግዳ ማስቀቢያው ወጪ በደረሰኝ ስለሚረጋገጥ በካሳ ይጠየቃል። የልጁ ጤና መታወክና የቤተሰቡ እንቅልፍ ማጣት ግን ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይደገማል። ለዚህ ገንዘብ ብቻ ቢፈረድ ጎረቤቱ በየጊዜው አዲስ ክስ ለማቅረብ ይገደዳል፤ ባለወፍጮውም እየከፈለ ለማወክ የተፈቀደለት ያህል ይሆናል። ተገቢው ዳኝነት ያለፈውን በካሳ፣ የወደፊቱን በእግድ መጠየቅ ነው። ባለወፍጮው የንግድ ፈቃድ ያለው መሆኑ ብቻውን ከወሰን ያለፈ ጭስ የማውጣት መብት አያሰጠውም።

የሚጠየቀው ትእዛዝ ግልጽና ሊፈጸም የሚችል መሆን አለበት። «ሁከቱ ይቁምልኝ» ተብሎ በደፈናው ከሚጠየቅ ይልቅ ሞተሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እንዳይሠራ፣ የጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ከፍ እንዲልና ከመስኮቱ እንዲዞር ተብሎ በዝርዝር ቢቀርብ ይመረጣል። ይህ ወፍጮ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ጉዳቱን ያስቀራል። ትእዛዙ ባይከበርም የተጣሰው ምን እንደሆነ በአፈጻጸም ጊዜ አያከራክርም።

ማስረጃና ጊዜያዊ እግድ

እግድ የሚጠይቅ ሰው ሁከቱ መደጋገሙን ማሳየት አለበት። ድምፁ የተሰማበትን ቀንና ሰዓት የያዘ መዝገብ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ፎቶግራፍ፣ የጎረቤቶች ምስክርነትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የልኬት ውጤት ለዚህ ያገለግላሉ። አንድ ቀን ብቻ ያጋጠመ ድምፅ ድርጊቱ እንደሚቀጥል አያስረዳም።

ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ መታገሥ የማይቻል ከሆነ ከሳሹ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 155 መሠረት ጊዜያዊ እግድ በማመልከት መጠየቅ ይችላል። መዘግየቱ የእግዱን ዓላማ የሚያሰናክል ካልሆነ በስተቀር ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ለተከሳሹ ያስታውቃል። ጊዜያዊ እግድ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚጸና እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። በመሆኑም ዋናው ክስ ዘላቂ እግድንም በግልጽ የሚጠይቅ መሆን ይኖርበታል።