የመድኃኒት ስም ብቻ የያዘ መልእክት ሲደርስዎ

ከእናትዎ "ሜትፎርሚን" የሚል አንድ ቃል ብቻ በስልክ ደረሰዎ እንበል። ምናልባት አየር ጤና ካለ መድኃኒት ቤት አጥተውት ሌላ ቦታ እንዲፈልጉላቸው ይሆናል፤ ወይም አወሳሰዱን ሊጠይቁዎ ፈልገው ይሆናል። ስሙ ብቻውን አዲስ ሕመም መኖሩን አያሳይም። ሜትፎርሚን በአብዛኛው ለዓይነት 2 የስኳር ሕመም ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ስኳር ለሌለባቸው አንዳንድ ሴቶችም ለእንቁልጢ ችግር ይታዘዛል።

"ምን ሆንሽ? ስኳር ተገኘብሽ?" የሚል መልስ እናትዎን ሊያስደነግጥና ጥያቄያቸውን ሳይጠይቁ ሊያስቀራቸው ይችላል። ይልቁንም "ደርሶኛል እማዬ፤ ልፈልግልሽ ወይስ ስለ አወሳሰዱ ነው?" ብለው ይጻፉ። ጥያቄው ስለ አወሳሰዱ ከሆነ፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ የሆድ ሕመምና ተቅማጥ ይቀንሳል፤ መጠኑ ግን ሐኪም ባዘዘው ልክ ብቻ ነው።

መልስ ከዘገየ ይደውሉ። ከታዘዘው በላይ ከወሰዱ፣ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም ያልተለመደ ከባድ ድካም ካለባቸው ግን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።