ፀሐይ መታው

አማኑኤል አካባቢ በቀትር ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲዝለፈለፍ «ፀሐይ መታው» ይባላል። አባባሉ ሁለት ሕመሞችን ይደባልቃል። በሙቀት የዛለ ሰው በላብ ይጠመቃል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ስሙንና ያለበትን ግን ያውቃል። ጥላ ሥር አርፎ ውሃ ሲጠጣ ይሻለዋል።

በሙቀት ምት ግን የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል ወይም ያልፋል፤ አእምሮውም ይታወካል፣ ይቀባዥራል። ቆዳው የግድ አይደርቅም፤ ሸክም ላይ የወደቀ ሰው ላብ በላብ ሆኖም ሊሞት ይችላል። የብብት ቴርሞሜትር ከውስጡ ሙቀት ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ 39 አለ ብላችሁ አትዘናጉ። ከቀባዠረ 907 ደውሉ፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ ልብሱን አውልቃችሁ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ውሃ አታጠጡት፣ ትን ይለዋል። ፓራሲታሞልም ይህን ሙቀት አያወርድም።