የሲምፕሰን አያዎ፦ ቁጥሮች ሲደመሩ የሚገለበጥ ውጤት

እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት የኩላሊት ጠጠር ሕክምና ዘዴዎችን አነጻጽሯል። ከዘዴዎቹ አንዱ የቆየው ክፍት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሐኪሙ የሕመምተኛውን ጎን በሰፊው ከፍቶ ጠጠሩን በቀጥታ ያወጣዋል። ሌላው በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረ ዘዴ ነው። በጀርባ በኩል ጠባብ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ቀጭን መሣሪያ እስከ ኩላሊቱ ይገባል፣ ጠጠሩም በዚያው መንገድ ይወጣል። በእያንዳንዱ ዘዴ 350 ሰዎች ታክመዋል። ከ3 ወር በኋላ ጠጠሩ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም የቀረው ከ2 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ ሕክምናው ተሳክቷል ተባለ።

በክፍት ቀዶ ሕክምና ለ273 ሰዎች ተሳካ፤ ይህ 78 በመቶ ነው። በጠባቡ ቀዳዳ ለ289 ሰዎች ተሳካ፤ 83 በመቶ። አዲሱ ዘዴ በ5 ነጥብ ያህል ይበልጣል፣ የሕሙማኑም ቁጥር እኩል ስለሆነ ንጽጽሩ ፍትሐዊ ይመስላል። አንባቢ እዚህ ላይ ገጹን ቢዘጋ የሚይዘው መደምደሚያ ግልጽ ነው።

ጥናቱ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር መዝግቦ ነበር፤ የእያንዳንዱን ሰው የጠጠር መጠን። ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው ትንሽ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ትልቅ ተብሎ ሲለይ ያው 700 ሰው እንዲህ ይከፈላል።

| የጠጠሩ መጠን | ክፍት ቀዶ ሕክምና (የተሳካ ከታከሙት) | ጠባብ ቀዳዳ (የተሳካ ከታከሙት) |
|---|---|---|
| ትንሽ | 81 ከ87 (93 በመቶ) | 234 ከ270 (87 በመቶ) |
| ትልቅ | 192 ከ263 (73 በመቶ) | 55 ከ80 (69 በመቶ) |
| ድምር | 273 ከ350 (78 በመቶ) | 289 ከ350 (83 በመቶ) |

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ክፍት ቀዶ ሕክምና ይበልጣል። ሁለተኛውም ረድፍ ላይ ይበልጣል። ሦስተኛው ረድፍ የሁለቱ ድምር ብቻ ነው፣ እዚያ ግን ያንሳል። የስሌት ስህተት የለም፤ 81 እና 192 ሲደመሩ 273 ይሆናሉ፣ 234 እና 55 ሲደመሩ 289 ይሆናሉ። ጠጠሩ ትንሽ የሆነ ሰው ሠንጠረዡን ቢያይ ክፍት ቀዶ ሕክምናን ይመርጣል፣ ትልቅ የሆነውም እንዲሁ። የጠጠሩን መጠን ያላወቀ ሰው ግን ጠባቡን ቀዳዳ ይመርጣል። መጠኑ ደግሞ ትንሽ ወይም ትልቅ ከመሆን አያልፍም።

ይህ ክስተት በስታቲስቲክስ የሲምፕሰን ፓራዶክስ ይባላል። በአማርኛ «የሲምፕሰን አያዎ» ሊባል ይችላል፤ አያዎ «አይ» እና «አዎ» ተጋጥመው የተሠራ፣ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የታወቀ ቃል ነው። ትርጉሙም በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ንዑስ ክፍል ውስጥ የሚታይ ዝንባሌ ክፍሎቹ ተደምረው ሲታዩ ሲጠፋ ወይም ሲገለበጥ።

ምክንያቱ ያለው በመቶኛዎቹ ላይ ሳይሆን በታካሚዎቹ ቁጥር ላይ ነው። ክፍት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 350 ሰዎች 263ቱ፣ ማለትም 75 በመቶ ያህሉ፣ ትልቅ ጠጠር የነበራቸው ናቸው። በጠባቡ ቀዳዳ ከታከሙት ውስጥ ትልቅ ጠጠር የነበራቸው 80 ብቻ ናቸው፤ 23 በመቶ። ትልቅ ጠጠር ደግሞ በየትኛውም ዘዴ ቢታከም ለማስወገድ ይከብዳል። ስለዚህ የክፍት ቀዶ ሕክምና ድምር ውጤት ወደ 73 ተጎተተ፤ የጠባቡ ቀዳዳ ድምር ደግሞ ወደ 87 ተጠጋ። የመጨረሻው ረድፍ ሁለት ሕክምናዎችን ያወዳደረ ቢመስልም በአብዛኛው ያወዳደረው ከባድ ሕመም ያላቸውን ቀለል ያለ ሕመም ካላቸው ጋር ነው። ፈተናው ለአንዱ ክፍል ከባድ፣ ለሌላው ቀላል ሆኖ ሲሰጥ የሁለቱን መምህራን ብቃት በተማሪዎቹ አማካይ ውጤት መመዘን ማለት ነው።

ግልበጣው እንዲፈጠር ሁለት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። የተደበቀው ነገር፣ እዚህ የጠጠሩ መጠን፣ ውጤቱን የሚለውጥ መሆን አለበት። በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ ያለው ድርሻም የተለያየ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ድምሩና ክፍሎቹ አይቃረኑም። ሁለቱም ቢኖሩ እንኳ ጉልበት ያስፈልጋል። በሠንጠረዡ በሕክምናዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ለትንሽ ጠጠር 6፣ ለትልቅ 4 ነጥብ ገደማ ነው፤ በትንሽና በትልቅ ጠጠር መካከል ያለው ልዩነት ግን በሁለቱም ዘዴ 20 ነጥብ ገደማ ይደርሳል። የጠጠሩ መጠን ከሕክምናው ምርጫ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው አብዝቶ ነው፤ ምልክቱን ለመገልበጥ የበቃውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን በስተጀርባ ሆኖ ንጽጽሩን የሚያዛባ ነገር አደናጋሪ ተለዋዋጭ ማለት ይቻላል።

ማስተካከያው በእጅ ሊሠራ የሚችል ነው። በሁለቱ ዘዴዎች ከታከሙት 700 ሰዎች 357ቱ ትንሽ፣ 343ቱ ትልቅ ጠጠር ነበራቸው። ሁሉም 700 ሰዎች በክፍት ቀዶ ሕክምና ታክመው ቢሆን፣ የየክፍሉም ስኬት እንዳለ ቢቀጥል፣ የ357ቱ 93 በመቶ 332 ሰው ገደማ ነው፣ የ343ቱ 73 በመቶ ደግሞ 250 ገደማ። ድምሩ 582 ያህል፣ ማለትም ከ700 ውስጥ 83 በመቶ። ያንኑ ለጠባቡ ቀዳዳ ሲሠራ 309 እና 236 ይሆናል፤ ድምሩ 545፣ ማለትም 78 በመቶ። መጀመሪያ ላይ 78 እና 83 የነበሩት ቁጥሮች ቦታ ተለዋወጡ። የታካሚዎቹ ስብጥር እኩል ሲደረግ ብቻ የተፈጠረ ለውጥ ነው።

አያዎው የተሰየመው በብሪታኒያዊው ኤድዋርድ ሲምፕሰን ነው። ሲምፕሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ከሚፈቱት አንዱ ነበር፤ ጉዳዩን የጻፈበት ጽሑፍ በ1951 ታተመ። ክስተቱን ቀድመው ያዩ ግን ነበሩ፤ ካርል ፒርሰን በ1899፣ ኡድኒ ዩል በ1903 ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። በሲምፕሰን ስም የጠራው ኮሊን ብላይዝ ነው፣ በ1972። ሲምፕሰንን ከቀደሙት የሚለየው፣ ስሙም እንዲዘልቅለት የሚገባው፣ ያቀረበው ጥያቄ ነው፦ ድምሩና ክፍሎቹ ሲቃረኑ የሚታመነው የትኛው ነው?

መልሱ ሁልጊዜ «ክፍሎቹ» እንዳልሆነ ለማሳየት ሲምፕሰን አንድ ዓይነት ቁጥሮችን በሁለት ታሪክ ውስጥ አስገባ። በአንደኛው ሕፃን ልጅ በካርታ ተጫውቶ ከ52ቱ ካርታዎች ጥቂቶቹን አቆሽሿል። ካርታዎቹ በቆሻሻና በንጹሕ ተለይተው ሲቆጠሩ ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች ቀይ ወይም ጥቁር መሆን ላይ ትንሽ ዝንባሌ ይታያል። ተደምረው ሲታዩ ዝንባሌው ይጠፋል፤ ግማሾቹ ቀይ፣ ግማሾቹ ጥቁር ናቸው። እዚህ ላይ እውነቱ ድምሩ ነው። ካርታው ቀይ ወይም ጥቁር የሆነው ሲታተም ነው፣ ልጁ ያቆሸሸው በኋላ ነው።

በሁለተኛው ታሪክ እነዚያው ቁጥሮች የሕመምተኞች ሆኑ። ከወንዶች መካከል ያልታከሙት 7 ሲሆኑ 4ቱ ድነዋል፣ ከታከሙት 13 ደግሞ 8ቱ። ከሴቶች ካልታከሙት 5 ሰዎች 2ቱ፣ ከታከሙት 27 ደግሞ 12ቱ ድነዋል። በወንዶችም በሴቶችም ሕክምናው ትንሽ ጠቅሟል። ሲደመሩ ግን ካልታከሙት 12 ሰዎች 6ቱ፣ ከታከሙት 40 ሰዎች 20ዎቹ ድነዋል፤ ሁለቱም ልክ ግማሽ። ለወንድም ለሴትም የሚጠቅም መድኃኒት ለሰው አይጠቅምም ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ እዚህ የሚታመኑት ክፍሎቹ ናቸው። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ መልሱ ግን የተለያየ ነው። ከሠንጠረዡ ብቻ መልሱን የሚያወጣ የሒሳብ ቀመር የለም፤ የነገሩ አመጣጥ መታወቅ አለበት።

በተግባር አንዱ ጠቃሚ መለያ ጊዜ ነው። የጠጠሩ መጠን ሐኪሙ ዘዴውን ከመምረጡ በፊት የነበረ ነገር ነው፣ ስለዚህ በእርሱ መከፋፈል ንጽጽሩን ያጠራዋል። ከሕክምናው በኋላ በተፈጠረ ነገር መከፋፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ሕይወት ለማትረፍ የሚሰጥ የደም ግፊት መድኃኒት ሲመዘን ሕሙማኑን መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በታየው የግፊት መጠን መክፈል ስህተት ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ግፊቱን በማውረድ ነው፤ ግፊታቸው እኩል የሆኑትን ብቻ እርስ በርስ ማወዳደር የመድኃኒቱን ሥራ ከንጽጽሩ ያስወጣዋል፤ የጠቀመው መድኃኒት ያልጠቀመ ይመስላል።

ሠንጠረዥ ብቻ የያዘ ሰው አያዎው መኖሩን ሊጠረጥር የሚችልበት ምልክት አለ። የሁለቱ ቡድኖች ስብጥር፣ ዕድሜያቸው፣ የሕመማቸው ክብደት፣ የመጡበት አካባቢ፣ የተለያየ ከሆነ ድምሩን ብቻውን ማመን አይቻልም። ሕሙማኑ በዕጣ ሲመደቡ ግን ስብጥሩ በሁለቱም ወገን ይቀራረባል፤ ያልተለኩና ያልታሰቡ ነገሮች እንኳ በአማካይ ይመጣጠናሉ። አዲስ መድኃኒት በዕጣ በተመደቡ ሰዎች ላይ ካልተሞከረ በቀላሉ የማይታመነው በከፊል ለዚህ ነው።

የኩላሊት ጠጠሩ ጥናት በዕጣ የተደረገ አልነበረም። ክፍት ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ከ1972 እስከ 1980፣ ጠባቡ ቀዳዳ ከ1980 እስከ 1985 ነው፤ በመካከሉ የተለወጠ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፣ በጠጠር መጠን መክፈልም ያንን አያስተካክለውም። በትልቁ ጠጠር ረድፍ ላይ ያለው ልዩነትም ጠንካራ አይደለም። በጠባቡ ቀዳዳ ከታከሙት 80 ሰዎች 55 ሳይሆን 59ኙ ቢሳካላቸው ኖሮ ክፍት ቀዶ ሕክምናን ያልፉት ነበር፤ የ4 ሰዎች ለውጥ ደግሞ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሠንጠረዡ የሚያሳየው የ83 እና የ78ቱ ንጽጽር አሳሳች መሆኑን ነው እንጂ ክፍት ቀዶ ሕክምና እንደሚሻል አያረጋግጥም። ከዚህም ሌላ ጠጠሩ መውጣቱ ለሕመምተኛው ሁሉም ነገር አይደለም፤ ሰፊ ቁስል ለመዳን ጊዜ ይፈጃል፣ ሆስፒታል መተኛትንም ያረዝማል። ዛሬ ከ2 ሴንቲ ሜትር ለሚበልጥ የኩላሊት ጠጠር የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ በቅድሚያ የሚመክረው ጠባቡን ቀዳዳ ነው፤ ክፍት ቀዶ ሕክምና ሌላው ዘዴ ለማይሠራላቸው ጥቂት ሰዎች ቀርቷል።