የሲራራ ቅፍለት ወደ ከዋክብት

በአሜሪካ የቴሌቪዥን ሠፈር «ባይብል» የሚሉት ሰነድ አለ። ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ይዋስ እንጂ ነገሩ ፍጹም ዓለማዊ ነው፤ እንዲያውም የገበያ ጽሑፍ ነው ቢባል ያስኬዳል። ተከታታይ ድራማ ያሰበ ደራሲ፣ ገና አንዲት ትዕይንት ሳትቀረጽ፣ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓለም፣ ገጸ ባሕርያቱን፣ የዓመቱን ጉዞና የየክፍሉን ጭብጥ ጽፎ ለጣቢያ ሹማምንት ያቀርብበታል። ተመልካች አያየውም። ድራማው ከተሳካ ይረሳል፤ ካልተሳካም ከነመሳቢያው ይቀበራል።

ከመሳቢያ ከወጡት አንዱን እንመልከት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 1964 የተጻፈ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ጸሐፊው ጂን ሮደንቤሪ በጦርነቱ ዘመን የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ፣ ኋላም የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የነበረና የካውቦይ ድራማ በመጻፍ እጁን ያፍታታ ሰው ነው። ሰነዱ 16 ገጽ ብቻ ናት። ርእሷ «ስታር ትሬክ» ይላል።

ሮደንቤሪ አዲስ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ጣቢያ ግን አዲስ ነገር ይፈራል። ስለዚህ አዲሱን በሚታወቀው ጠቀለለው። በዚያን ጊዜ ወደ ምዕራብ አሜሪካ በጋሪ የሚጓዙ ሰፋሪዎችን ታሪክ የሚያሳይ «ዋገን ትሬን» የሚባል ድራማ ሕዝቡ ይወደው ነበር። መንገደኞቹ ያው ናቸው፣ የሚደርሱበት አገር ግን በየሳምንቱ ይለያያል። ሮደንቤሪ የእኔም ይህንኑ ነው፣ ጋሪው ግን ወደ ከዋክብት ይሄዳል ብሎ አስረዳ። ለእኛ ቢጽፈው ኖሮ የሲራራ ነጋዴ ቅፍለት ይለው ነበር። አንድ መርከብ፣ 203 ሰዎች፣ አንድ ካፒቴን፣ በየሳምንቱ አንድ እንግዳ አገር።

የሰነዷ ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። የጣቢያ ሹም ስለ ሕዋ ሲነገረው መጀመሪያ የሚታየው ወጪው ነው። በየሳምንቱ አዲስ ዓለም ማን ይሠራል? ሮደንቤሪ ለዚህ መልሱን የዓለሙ ሕግ አድርጎ ጻፈው። መርከቡ የሚያርፍባቸው ፕላኔቶች አየራቸውም ሕይወታቸውም ከመሬት ጋር ይመሳሰላል፤ የኅብረተሰባቸው ዕድገትም ከእኛ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለው አለ። ይህን ሕግ አንባቢ እንደ ፍልስፍና ሊወስደው ይችላል። የሒሳብ ሹሙ ግን ትርጉሙን ወዲያው ተረዳ፤ በስቱዲዮው ግቢ ተሠርቶ የቆመ ሰፈርና በመጋዘን የተሰቀለ ልብስ ሁሉ ለአገልግሎት ይውላል ማለት ነው።

አንዱን ሐሳብ ተከትለን እንየው። በሰነዷ መጨረሻ ከተዘረዘሩት አጫጭር የታሪክ ጥቆማዎች አንዱ «ፕሬዚዳንት ካፖን» ይባላል። የቺካጎው ወሮበላ አል ካፖን አሸንፎ የወሮበላ ሕግ በአገር ላይ የጫነበት፣ ከእኛ ጋር ትይዩ የሆነ ዓለም ነው። በዚህ መልኩ ቀልድ እንጂ ታሪክ አልነበረም። ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው መልስ የለውም፤ እንግዶቹ መርከበኞችም የሚሠሩት ጉዳይ የላቸውም። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1968 መጀመሪያ፣ ሐሳቡ ለተመልካች ሲቀርብ ሁለቱም ጎዶሎዎች ተሞልተው ነበር። ቀደም ብሎ የመጣ የምድር መርከብ ስለ ቺካጎ ወሮበሎች የሚተርክ መጽሐፍ ረስቶ ሄዷል፤ መኮረጅ የሚወደው የዚያ ፕላኔት ሕዝብ መጽሐፉን እንደ ቅዱስ ቃል ይዞ ኑሮውን በዚያ ቀርጿል። እንግዲህ ጥፋቱ የእንግዶቹ ወገን ሆነ ማለት ነው፤ ማስተካከሉም የእነርሱ ዕዳ። ልብሱና መኪናው ግን ያው የመጋዘኑ ነው። ጥሩ የክፍል ጥቆማን ከደካማው የምለየው በዚህ ነው፤ «እንዲህ ያለ ቦታ ደረሱ» ብሎ ካቆመ ደካማ ነው፣ «ደርሰው ይህን ሳያደርጉ መሄድ አልቻሉም» የሚያሰኝ ከሆነ ግን ታሪክ አለው።

ገጸ ባሕርያቱን በተመለከተ ሰነዷ ብዙ ጊዜ ተሸንፋለች። ካፒቴኑ ሮበርት ኤፕሪል፣ መርከቡ ዮርክታውን ይባሉ ነበር። ስሙ ፓይክ፣ ኋላም ከርክ ሆነ፤ መርከቡም ኢንተርፕራይዝ ተባለ። ምክትሏ «ቁጥር አንድ» የምትባል ስሜቷን የማታሳይ ሴት ነበረች። ከሁሉ የተረፈው ግማሽ ማርሳዊ የተባለው፣ ቀላ ያለ ፊትና ሾል ያለ ጆሮ ያለው ስፖክ ብቻ ነው። ቀይ መልኩን ያስቀየረው ምክንያት ደግሞ የሚያስቅ ነው፤ የብዙው ቤት ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ ስለ ነበር ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይታያል ተብሎ ቢጫ ተቀባ።

ሲ.ቢ.ኤስ. አዳምጦ፣ የራሱ የሕዋ ድራማ ስላለው አልፈልግም አለ። ኤን.ቢ.ሲ. የሙከራ ክፍል አሠራ፤ የሠራው የተዋናይቷ የሉሲል ቦል ኩባንያ ዴሲሉ ነበር። በ1965 መጀመሪያ ውጤቱን አይቶ ለተመልካች ጭንቅላት ያስቸግራል ብሎ ጣለው፤ ነገር ግን ባልተለመደ ሁኔታ ሁለተኛ ሙከራ አዘዘ። «ቁጥር አንድ» በዚህ መሐል ወጣች። ምክንያቱን ሮደንቤሪ ጣቢያው ሴት አለቃ ስላልወደደ ነው ሲል፣ አብረውት የሠሩት ግን ቅሬታው የሮደንቤሪ ወዳጅ ለቦታው በመመረጧ ነበር ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን አልምልም። ስሜት አልባነቷ አልባከነም፣ ስፖክ ወረሰው። ድራማው መስከረም 8 ቀን 1966 መተላለፍ ጀመረ።

ከዚያ ሰነዷ ሥራዋን ቀየረች። መሸጧ አብቅቶ፣ ከውጭ ለሚመጡ ደራስያን መመሪያ ሆነች። በ1967 የተዘጋጀው እትም በፈተና ይጀምራል። መርከቡ ጠላት እየተኮሰበት ሳለ ካፒቴኑ ረዳቱን ወጣት ሴት በክንዱ እቅፍ ያደርጋታል፤ ስሕተቱ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ስለ ሕዋ ሳይንስ የሚያስብ ደራሲ በፈተናው ይወድቃል። መልሱ፣ በዛሬ የጦር መርከብ ላይ ያለ አዛዥ በዚያ ሰዓት ይህን ስለማያደርግ ሰው አያምነውም የሚል ነው።

አንባቢ የዓመቱ ጉዞ የታለ ይል ይሆናል። በዚያች ሰነድ ውስጥ የለም። ያኔ ጣቢያዎች ክፍሎቹን በፈለጉት ቅደም ተከተል ለማሳየት ይመኙ ስለ ነበር፣ በየሳምንቱ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት መመለስ ነበረበት። ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ «ባቢሎን 5»ን ሲጀምር ግን አምስት ዓመት የሚፈጅ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ታሪክ አቅዶ ተነሣ። የእንዲህ ያለው ዕቅድ ጠላቱ ተዋናይ መታመሙ ወይም መልቀቁ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በድንገት የሚወጣበት ድብቅ በር አበጀ። በ1994 የመጀመሪያው ዓመት ሲያልቅ ዋናው ተዋናይ በሕመም ምክንያት ሄደ፤ በሩ አገለገለ፣ ሌላ አዛዥ ገባ። የቀድሞው አዛዥ ዕጣም በ1996 ተመልሶ በእንግድነት ሲመጣ ተቋጨ።

በር ያልተበጀለት ግን ራሱ ጣቢያው ነበር። በአራተኛው ዓመት አስተላላፊው ሊፈርስ ሲል ደራሲው አምስተኛው ዓመት ላይኖር ነው ብሎ የቀረውን ታሪክ አጣድፎ ጨረሰ፤ የስንብቱን ክፍል ሳይቀር ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጣቢያ አምስተኛውን ዓመት ገዛው። ተቀርጾ ያለቀው ስንብት ወደ መደርደሪያ ተመለሰ፣ በምትኩ ሌላ የመዝጊያ ክፍል በጥድፊያ ተሠራ፤ ተመልካች ስንብቱን ያየው በ1998 የአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።